ቀትር ላይ የሚጠፋው ኤሲ

ጠዋት ሲከፍቱት ደህና ያቀዘቅዛል። ረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ቅዝቃዜው መሳሳት ይጀምራል። ቀትር ላይ ግድግዳው ላይ ያለው ክፍል መንፋቱን አያቆምም፤ የሚነፋው ግን የቤቱን ሙቀት መልሶ ነው። ወጣ ብለው የውጭውን ማሽን ቢያዩት ፋኑ ይሽከረከራል፣ የኮምፕሬሰሩ ጉርምርምታ ግን የለም። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ቀጭ ብሎ ይነሣል፤ ትንሽ ሠርቶ ደግሞ ዝም ይላል። አመሻሽ ላይ ሠራተኛ ተጠርቶ ሲመጣ፣ ማሽኑ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ቤቱን አቀዝቅዞ ይጠብቀዋል።

በድሬዳዋ፣ በሰመራ፣ በጋምቤላ፣ በመተማ ኤሲ ያለው ሰው ይህን ጠባይ ያውቀዋል። አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ፍርድም አንድ ነው፦ «ጋዝ አልቋል፤ ይሞላ።» ጋዙ ይሞላል፣ ገንዘቡ ይከፈላል፣ ማሽኑም በቀጣዩ ቀትር ያው ይሆናል። አንዳንዴም ይብሳል። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው፦ ማታ እየሠራ ቀትር ላይ የሚጠፋ ኤሲ በአብዛኛው የጎደለው ጋዝ አይደለም። ሙቀቱን የሚያስወጣበት አየር ነው ያጣው። ስለዚህ ጋዝ ከመሞላቱ በፊት መታየት ያለበት የውጭው ማሽን ጀርባ ነው።

ሙቀቱ የሚወጣበት በር

ኤሲ ቅዝቃዜ አይፈጥርም። ከቤት ውስጥ ሙቀትን ያነሣል፣ በመዳብ ቱቦ ወደ ውጭ ያመላልሳል፣ እዚያም ይጥላል። ሙቀቱን የሚያመላልሰው በተለምዶ ጋዝ የምንለው ፈሳሽ ነው። ቤት ውስጥ ባለው ክፍል ሙቀት ጠጥቶ ይተናል፤ ውጭ ባለው ማሽን ደግሞ ሙቀቱን ሰጥቶ ወደ ፈሳሽነት ይመለሳል። ይህ ሁለተኛው ሥራ የሚካሄድበት፣ የውጭውን ማሽን ከጀርባና ከጎን የሚከብበው የቱቦና የቅጠል መረብ ኮንደንሰር ይባላል። ቱቦዎቹ መዳብ ናቸው። በመካከላቸው በመቶዎች የሚቆጠሩ፣ እንደ ወረቀት የሳሱ የአሉሚኒየም ቅጠሎች ተደርድረዋል። ሠራተኞች ፊን የሚሏቸው እነዚህን ነው። ፋኑ ከጀርባ አየር ይስባል፣ አየሩ በፊኖቹ መካከል ሲያልፍ ሙቀት ይሸከማል፣ ከዚያም በፊት በኩል ይወጣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። ሙቀት በራሱ የሚሄደው ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ብቻ ነው። የውጭው አየር 35 ዲግሪ ከሆነ፣ በቱቦው ውስጥ ያለው ጋዝ ሙቀቱን ለመስጠት ከ35 ዲግሪ የበለጠ መሞቅ አለበት። ኮምፕሬሰሩ የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ጋዙን ጨምቆ ሙቀቱንም ግፊቱንም አብሮ ከፍ ያደርጋል። ኮንደንሰሩ ንጹሕ ሲሆንና አየሩ እንደ ልብ ሲያልፍ፣ ጋዙ ከውጭው አየር ከ10 እስከ 17 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ይረጋል፤ በዚያ ልዩነትም ሙቀቱ በቂ በሆነ ፍጥነት ይወጣል።

አየሩ ሲቀንስ ምን ይሆናል? ከቤት የመጣው ሙቀት አይቀንስም፤ መውጫው ብቻ ነው የሚጠበው። ሙቀቱ በቱቦው ውስጥ ሲጠራቀም የጋዙ ሙቀት ይጨምራል፣ ግፊቱም ይከተለዋል። ልዩነቱ እየሰፋ ሄዶ ሙቀቱን በጠበበው መንገድ አስገድዶ ማስወጣት እስኪችል ድረስ ከፍ ይላል። ስለዚህ የግፊቱ ከፍ ማለት በሽታው ራሱ አይደለም። ማሽኑ ሥራውን ላለማቆም የሚከፍለው ዋጋ ነው። ቆሻሻ የለበሰ ኮንደንሰር ያለው ኤሲ በቀትር ፀሐይ ጋቢ ደርቦ እንደሚሮጥ ሰው ነው፤ ጉልበት አላነሰውም፣ ሙቀቱ ግን ከላዩ አይወርድለትም።

ዋጋው ደግሞ ገደብ አለው። ግፊቱ አምራቹ ከወሰነው ልክ ሲያልፍ ኮምፕሬሰሩ እንዲቆም ይደረጋል። ከፍ ባሉ ማሽኖች ላይ ይህን የሚያደርገው በቱቦው ላይ የተገጠመ የግፊት ማቋረጫ ነው። ዛሬ በብዛት በሚገኘው አር 410ኤ በተባለው ጋዝ ለሚሠሩ ማሽኖች የተለመደው የማቋረጫ ልክ 610 ፒኤስአይ ገደማ፣ ማለትም 42 ባር ነው። ፒኤስአይ የጋዝ ሠራተኞች በጌጃቸው ላይ የሚያነቡት የግፊት መለኪያ ነው። ብዙ ትናንሽ የመኖሪያ ቤት ኤሲዎች ይህ ማቋረጫ የላቸውም። በእነሱ ላይ ኮምፕሬሰሩ ራሱ ከልክ በላይ ሲግል መከላከያው ያጠፋዋል፤ ኢንቨርተር ከሆነ ደግሞ ቦርዱ የቱቦውን ሙቀትና የሚስበውን ኤሌክትሪክ እያየ በመጀመሪያ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ በኋላ ያቆመዋል። መንገዱ ይለያይ እንጂ መነሻው አንድ ነው።

አንድ መድኃኒት ቤት በቁጥር

ነገሩን በምሳሌ እንከተለው። ድሬዳዋ ውስጥ በገበያ አካባቢ ያለ አንድ መድኃኒት ቤት እናስብ። ብዙ መድኃኒቶች ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ በታች እንዲቀመጡ በማሸጊያቸው ላይ ስለተጻፈ፣ ባለቤቷ 18,000 ቢቲዩ ስፕሊት ኤሲ አስገጥመዋል። የውጭው ማሽን በጓሮ በኩል፣ በሁለት ግንብ መካከል ባለ ጠባብ መተላለፊያ ተሰቅሏል። ሌባ እንዳይወስደው ደግሞ በላሜራና በብረት የተሠራ ሣጥን ውስጥ ገብቶ ተቆልፏል። ግንቦት ሲገባ ማሽኑ ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ድረስ እየጠፋ አስቸገረ።

ነገሩን የሚያውቅ ሠራተኛ ሲመጣ ጌጁን ከማውጣቱ በፊት ይጠይቃል።

«እትዬ፣ ማታ ሊዘጉ ሲሉ እንዴት ነው? ያቀዘቅዛል?»

«ኧረ ልጄ፣ ማታማ ብርድ ነው! ጠዋትም ደህና ነው። ቀን ነው እንጂ የሚያዋርደኝ።»

«እንግዲያው ጋዙን ትተን ጓሮ እንሂድ። ጋዝ የጎደለው ኤሲ ማታም ደህና አያቀዘቅዝልዎትም።»

አሁን ስሌቱን እንሥራ። ቁጥሮቹ በግምት የተጠጋጉ ናቸው፤ የነገሩን አካሄድ ለማየት ግን ይበቃሉ። ይህ ኤሲ ከቤት ውስጥ 5.3 ኪሎዋት ያህል ሙቀት ያነሣል። ኮምፕሬሰሩና ፋኑ 1.7 ኪሎዋት ኤሌክትሪክ ይበላሉ፤ ይህም ተመልሶ ሙቀት ይሆናል። ስለዚህ ኮንደንሰሩ በድምሩ 7 ኪሎዋት ሙቀት ማስወጣት አለበት። ፋኑ በሰዓት 2,700 ሜትር ኩብ አየር የሚያሳልፍ ከሆነ፣ አየሩ ገብቶ እስኪወጣ 9 ዲግሪ ያህል ይሞቃል። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል አየሯ ከባሕር ዳርቻ ከተማ አየር ትንሽ ይሳሳል፤ በስሌቱ ውስጥ እሱም ገብቷል።

ማሽኑ አዲስና ንጹሕ በነበረበት ጊዜ፣ ገላጣ ቦታ ላይ ቢሆን ኖሮ፣ በ35 ዲግሪ ቀትር ሁኔታው ይህን ይመስል ነበር፦ አየሩ በ35 ይገባል፣ በ44 ይወጣል፣ ጋዙ 50 ዲግሪ ላይ ወደ ፈሳሽነት ይለወጣል። የጌጁ ንባብ 430 ፒኤስአይ ገደማ ይሆናል። ከ610 በጣም የራቀ ነው።

ሁለት ዓመት ሳይታጠብ ሲቀር ግን የመንገድ አቧራ፣ የባጃጅ ጭስ፣ የጨርቅ ብናኝና የፕላስቲክ ቁርጥራጭ በፊኖቹ መካከል ተጠቅጥቆ የሚያልፈውን አየር በግማሽ ቀነሰው እንበል። ያው 7 ኪሎዋት በግማሽ አየር ሲወጣ፣ አየሩ የሚሞቀው በ9 ሳይሆን በ18 ዲግሪ ይሆናል። በ35 ገብቶ በ53 ይወጣል፤ ጋዙም ቢያንስ ወደ 60 ዲግሪ ከፍ ማለት ይኖርበታል። ግፊቱ 540 ፒኤስአይ ይደርሳል። ማሽኑ ይጨነቃል፣ ኤሌክትሪክ ይበላል፣ ግን አይጠፋም።

አሁን ሣጥኑን እንጨምር። በፊት በኩል የወጣው ትኩስ አየር ከላሜራው ጋር ተላትሞ፣ ወይም ፊት ለፊት ካለው ግንብ ተመልሶ፣ እንደገና ከጀርባ ይሳባል። የጓሮው ጥላ 35 ዲግሪ ቢሆንም፣ ወደ ኮንደንሰሩ የሚገባው አየር 42 ዲግሪ ሆኗል እንበል። ያኔ ሁሉም ነገር 7 ዲግሪ ወደ ላይ ይገፋል። አየሩ በ60 ይወጣል፣ ጋዙ 67 ዲግሪ ይደርሳል፣ ጌጁ 630 ፒኤስአይ ገደማ ያነባል። ማቋረጫው በ610 ስለሚከፈት ኮምፕሬሰሩ ይቆማል።

ይህ ስሌት የማሽኑን ግራ የሚያጋባ ጠባይ ሁሉ ይፈታል። ጠዋት የውጭው አየር 24 ዲግሪ ሲሆን፣ ቆሻሻውም ሣጥኑም እንዳሉ ሆነው፣ ጋዙ 56 ዲግሪ አካባቢ ይረጋል። ግፊቱ ከ500 ፒኤስአይ ስለማይዘል ማሽኑ ይሠራል። ማታም እንዲሁ ነው። ሣጥኑ ብቻ ቢሆንና ኮንደንሰሩ ንጹሕ ቢሆን፣ በቀትርም ቢሆን 57 ዲግሪ ላይ ያልፍ ነበር። ቆሻሻው ብቻ ቢሆንም በ60 ያልፍ ነበር። ማሽኑን ያጠፋው የሦስቱ ድምር ነው፦ ቆሻሻው፣ ሣጥኑና የቀትሩ ሙቀት። ባለቤቷ «ሣጥኑ እኮ ከመጀመሪያው ጀምሮ ነበር፤ ያኔ ምንም አልሆነም» ቢሉ እውነታቸውን ነው። ሣጥኑ ያኔ የወሰደው የማሽኑን ትርፍ አቅም ነበር፤ አቧራው የቀረውን ወሰደ።

ጋዝ መጨመር ለምን ያባብሰዋል

ኤሲ እንደ መኪና ነዳጅ ጋዝ አያቃጥልም። ጋዙ በተበየደ ቱቦ ውስጥ ይዞራል እንጂ አያልቅም። ከጎደለ የሚያፈስስ ቦታ አለ ማለት ነው፤ ያ ቦታ ሳይገኝና ሳይዘጋ መሙላትም ገንዘብ መጣል ነው።

ጋዝ የጎደለው ማሽን ምልክቱም ሌላ ነው። ግፊቱ በሁለቱም ወገን ይወርዳል እንጂ አይወጣም። ከውጭው ማሽን የሚወጣው አየር ለብ ከማለት አያልፍም፤ ምክንያቱም የሚጣል ብዙ ሙቀት የለም። ቤት ውስጥ ባለው ክፍል ወይም በቫልቩ አጠገብ ባለው ቀጭን ቱቦ ላይ በረዶ ሊይዝ ይችላል። ኮምፕሬሰሩም ቤቱን ማቀዝቀዝ ስላቃተው ሳያቋርጥ ይሠራል። ቀትር ላይ የሚጠፋው ማሽን በተቃራኒው ነው፤ ከፊቱ የሚወጣው አየር ፊት የሚለበልብ፣ ግን ጉልበት የሌለው ነው።

ጋዙ ባልጎደለ ማሽን ላይ ጋዝ ሲጨመር፣ ትርፉ ፈሳሽ የሚጠራቀመው ኮንደንሰሩ ውስጥ ነው። ፈሳሽ የሞላው የቱቦ ክፍል ደግሞ ትነቱን ወደ ፈሳሽ ለመለወጥ አያገለግልም። እንግዲህ በቆሻሻ የጠበበው ኮንደንሰር ከውስጥም ጠበበ ማለት ነው። ግፊቱ የበለጠ ይወጣል፤ ማሽኑ ትናንት 6 ሰዓት ላይ ይጠፋ ከነበረ ዛሬ 5 ሰዓት ላይ ይጠፋል። አሳሳቹ ነገር ሠራተኛው ማታ መጥቶ ሲሞላ ነው። በማታው ቅዝቃዜ ማሽኑ ስለሚሠራ፣ ጋዙ ያዳነው ይመስላል።

ከዚህ የከፋ ስሕተትም አለ። አንዳንዱ የግፊት ማቋረጫውን ሁለት ሽቦ ቆርጦ እርስ በርስ ያገናኛል። ማሽኑ አይጠፋም፤ ነገር ግን ኮምፕሬሰሩ በማይችለው ግፊትና ሙቀት እንዲሠራ ተፈርዶበታል። ውስጡ ያለው ዘይት ይቃጠላል፣ የሞተሩ ጥቅልል ይነዳል፣ ክፉ ቀን ከሆነም ቱቦ ይፈነዳል። ኮምፕሬሰር መለወጥ የማሽኑን ግማሽ ዋጋ ሊጠይቅ ይችላል። ማቋረጫው ተገናኝቶ የሚሄድ ኤሲ ካለዎት አጥፍተው ያቆዩት።

በሁለት ቴርሞሜትር መለየት

ባለቤቱ ጌጅ ሳይኖረው ነገሩን ራሱ ሊፈትሽ ይችላል። የሚያስፈልገው ሁለት ርካሽ ቴርሞሜትር ነው። ኤሲውን 18 ዲግሪ ላይ አድርገው ሩብ ሰዓት ያህል ያለማቋረጥ ያሠሩት። ሙሉ ኃይሉን ካላወጣ ልኬቱ ስለሚያታልል፣ በተለይ ለኢንቨርተር ይህ ግድ ነው። ከዚያ ሦስት ቦታ ይለኩ፦ በጓሮው ጥላ፣ አየሩ ወደ ኮንደንሰሩ በሚገባበት በጀርባው፣ አየሩ በሚወጣበት በፊቱ። ቴርሞሜትሩ ፀሐይ እንዳይነካው፣ ፋኑም እንዳይመታው ከመከላከያ መረቡ ውጭ ይያዝ።

ሁለት ልዩነት ይወጣል። የመጀመሪያው በጥላውና በሚገባው አየር መካከል ያለው ነው። ከ2 ወይም ከ3 ዲግሪ በላይ ከሆነ፣ ማሽኑ የራሱን ትኩስ አየር መልሶ እየሳበ ነው፤ ስሕተቱ የተቀመጠበት ቦታ ነው። ሁለተኛው በሚገባውና በሚወጣው አየር መካከል ያለው ነው። ለተለመደ ስፕሊት ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ቢሆን ደህና ነው። 15 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ በኮንደንሰሩ የሚያልፈው አየር አንሷል። ምክንያቱ ቆሻሻ ወይም ደካማ ፋን ነው።

በዓይን ሲያዩት ንጹሕ መምሰሉ ግን ዋስትና አይደለም። ብዙ ኮንደንሰሮች ሁለት ረድፍ ቱቦ አላቸው፤ ቆሻሻው ተጠቅጥቆ የሚቀመጠው በሁለቱ መካከል ነው። ሲመሽ ማሽኑን አጥፍቶ በአንድ ወገን የእጅ ባትሪ ማብራትና በሌላው ወገን ማየት ጥሩ ዘዴ ነው። ብርሃኑ በፊኖቹ መካከል ተሰንጥቆ ካልታየ፣ አየሩም አያልፍም።

እንዴት ይታጠባል

ሥራው የሚጀምረው ኤሌክትሪኩን ከማጥፋት ነው። በሪሞት ማጥፋት አይበቃም፤ ብሬከሩ ይወርዳል። በውስጡ ያሉ ካፓሲተሮች ኤሌክትሪክ ይዘው ስለሚቆዩ፣ በተለይ ኢንቨርተር ከሆነ፣ ቢያንስ 10 ደቂቃ ይጠበቃል። ክዳኑን መክፈትና ሽቦ መንካት የማያውቅ ሰው ይህን ለሠራተኛ ይተወው፤ ሠራተኛው ግን ምን ማድረግ እንዳለበት ማወቅ ለማንም ይጠቅማል።

መጀመሪያ ደረቁ ቆሻሻ ይነሣል። ለስላሳ ብሩሽ ተይዞ በፊኖቹ አቅጣጫ፣ ማለትም ከላይ ወደ ታች፣ ይጠረጋል። ወደ ጎን ከተጠረገ ፊኖቹ ይታጠፋሉ፤ የታጠፈ ፊን ደግሞ እንደ ቆሻሻው ሁሉ አየር ይዘጋል። ደረቁ አቧራ ሳይነሣ ውኃ ከተረጨበት ጭቃ ሆኖ ወደ ውስጥ ይገባል።

ቀጥሎ ክዳኑና የፋኑ መከላከያ ይፈታሉ፣ የኤሌክትሪኩ ሣጥን በላስቲክ ይሸፈናል፣ ውኃው በጎማ ቱቦ ከውስጥ ወደ ውጭ ይለቀቃል። አቅጣጫው የሥራው ቁልፍ ነው። አየሩ ቆሻሻውን ከውጭ ወደ ውስጥ እየገፋ ነው የጠቀጠቀው፤ ውኃው በመጣበት መንገድ መልሶ ሊያወጣው ይገባል። ብዙ ሰው ከውጭ ብቻ ይረጭና ፊቱ ስለጠራ ታጠበ ይላል። እንዲህ ሲሆን ቆሻሻው ወደ ሁለተኛው ረድፍ ጠልቆ ይገባል፤ ማሽኑም ከመታጠቡ በፊት ከነበረው ሊብስ ይችላል።

የመኪና ማጠቢያ ከፍተኛ ግፊት ያለው ውኃ አይጠጋም፤ ፊኖቹን ያስተኛቸዋል። የምግብ ቤት ጭስ የደረሰበት ኮንደንሰር ቅባት ስለሚይዝ ውኃ ብቻ አያነሣውም። በውኃ የቀጠነ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ወይም ለዚሁ የተዘጋጀ አሲድ የሌለው ማጽጃ ተረጭቶ ለ10 ደቂቃ ያህል ይቆያል፤ ከዚያ የሚወርደው ውኃ ጥርት እስኪል ድረስ ይታጠባል። በረኪናና ኮስቲክ ሶዳ አሉሚኒየሙን ስለሚበሉ አይነኩትም። የታጠፉ ፊኖች በማበጠሪያቸው ይቃናሉ። ሁሉም ሲደርቅ ክዳኑ ይመለሳል፤ ልኬቱም በሁለቱ ቴርሞሜትር ይደገማል።

ቀትር ላይ ችግሩ ሲጠናባቸው ኮንደንሰሩ ላይ ውኃ የሚያርከፈክፉ አሉ። ግፊቱ ወዲያው ይወርዳል፣ ማሽኑም ይነሣል። ይህ መንስኤው ሙቀቱ አለመውጣቱ መሆኑን ለማረጋገጥ ይጠቅማል። የዘወትር መፍትሔ ሲደረግ ግን ይጎዳል። የድሬዳዋ ውኃ ካልሲየም የበዛበት ነው፤ ውኃው በጋለው ፊን ላይ ሲተን ነጭ ቅርፊት ትቶ ይሄዳል፤ ቅርፊቱን ደግሞ ብሩሽ አያነሣውም።

ቦታውን ማስተካከል

በምሳሌያችን መድኃኒት ቤት ማጠብ ብቻውን ማሽኑን ከመጥፋት ያድነው ነበር፤ ጋዙ በቀትር ወደ 57 ዲግሪ ይወርዳል። ግን ሣጥኑ እንዳለ ከቀረ፣ የሚቀጥለው ወቅት አቧራ ወደ ነበረበት ይመልሰዋል። ስለዚህ ላሜራው መነሣት አለበት። ለሌባ መከላከያ ሰፊ ክፍተት ያለው የብረት ዘንግ ይበቃል፤ በተለይ አየሩ በሚወጣበት ፊት ላይ ከዘንጉ በቀር ምንም መኖር የለበትም። ብዙ አምራቾች ከጀርባ 30 ሳንቲሜትር ያህል፣ ከፊት ደግሞ እስከ 2 ሜትር ገላጣ ቦታ ይጠይቃሉ። ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ከሆነ፣ ማሽኑን ከፍ አድርጎ ከግንቡ ጫፍ በላይ እንዲነፋ ማድረግ ይሻላል። ሁለት ማሽኖችም ፊት ለፊት ተያይተው መሰቀል የለባቸውም፤ አንዱ የሌላውን ትኩስ አየር ይስባል።

ይህ ሁሉ ሲስተካከል በዚያው ቀትር አየሩ በ36 ገብቶ በ45 ይወጣል፤ ጌጁም 440 ፒኤስአይ አካባቢ ያነባል። ጥቅሙ ማሽኑ አለመጥፋቱ ብቻ አይደለም። ጋዙ ወደ ፈሳሽ የሚለወጥበት ሙቀት በ1 ዲግሪ ከፍ ባለ ቁጥር ኮምፕሬሰሩ ከ2 እስከ 3 በመቶ የበለጠ ኤሌክትሪክ ይበላል። ሳይጠፋ በ60 ዲግሪ ሲጨነቅ የከረመ ማሽን፣ በ50 ዲግሪ ከሚሠራው ሩብ ያህል የበለጠ ሲያስከፍል ነበር ማለት ነው። ብዙ ኤሲዎች ጨርሰው ሳይጠፉ ለወራት እንዲህ ይሠራሉ፤ የሚያስታውቀውም የመብራት ሒሳቡ ነው።

ታጥቦም ከጠፋ

ከታጠበና ቦታው ከተስተካከለ በኋላም ማሽኑ ቀትር ላይ ከጠፋ፣ ያው ሁለት ልኬት ወደ ቀጣዩ ምክንያት ይመራል። የሚገባውና የሚወጣው አየር ልዩነት አሁንም ከ15 ዲግሪ በላይ ከሆነ፣ ጥርጣሬው ፋኑ ላይ ነው። በተለምዶ ካፓሲተሩ ደክሞ ፋኑ ቀስ ብሎ ይዞራል። ካፓሲተር ደግሞ ርካሽ ዕቃ ነው። ልዩነቱ ደህና ሆኖ ግፊቱ ግን ከፍ ካለ፣ ችግሩ ቱቦው ውስጥ ነው፦ ወይ ቀድሞ በስሕተት ጋዝ ተጨምሮበታል፣ ወይ ሲገጠም በቫኪዩም ፓምፕ ስላልተሳበ አየር ቀርቶበታል። በሁለቱም መፍትሔው ጋዙን አውጥቶ፣ ቱቦውን በቫኪዩም ስቦ፣ በማሽኑ ላይ በተለጠፈው ሠሌዳ የተጻፈውን ግራም በሚዛን መዝኖ መሙላት ነው።

የኤሌክትሪክ ቮልቴጅ መውረድም ኮምፕሬሰር ያጠፋል። እሱ ግን ሰዓቱ ይለያል። በአካባቢው መብራት ሲደክም፣ ብዙውን ጊዜ ምሽት ላይ፣ ይታያል፤ ኮምፕሬሰሩ እስኪበርድ ድረስም ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል። በግፊት ማቋረጫ የጠፋው ግን ግፊቱ እንደወረደ በጥቂት ደቂቃ ይነሣል። በአንዳንድ ማሽን ላይ ማቋረጫው በእጅ እስኪመለስ አይነሣም። ያን ቁልፍ እየመለሱ ከማሠራት በፊት ለምን እንደቆመ ማየት ይገባል፤ እያንዳንዱ እንደገና መነሣት የኮምፕሬሰሩን ዕድሜ ያሳጥራል።

አዲስ ማሽን ለሚገዛ ደግሞ አንድ ማስታወሻ አለ። በሠሌዳው ላይ ቲ1 የሚል ማሽን አቅሙ የተለካው በ35 ዲግሪ ነው፤ የሚሠራውም በአብዛኛው እስከ 43 ዲግሪ ድረስ ነው። ቲ3 የሚለው በ46 ዲግሪ ተለክቶ እስከ 52 ዲግሪ እንዲሠራ የተሠራ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚፈለገው ይኸኛው ነው። ለሰመራና ለመሰሎቿ ቆላ ከተሞች ቲ3 ትርፍ አቅም ይሰጣል። ያን ትርፍ ግን ላሜራ ሣጥንና ያልታጠበ ኮንደንሰር በአንድ በጋ ይበሉታል።

ስለዚህ በአቧራማ የቆላ ከተማ ያለ ኤሲ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዱ ሙቀቱ ከመበርታቱ በፊት መጋቢት ላይ፣ ኮንደንሰሩ ከውስጥ ወደ ውጭ ይታጠብ። «ጋዝ ይሞላ» የሚል ሠራተኛ ሲመጣም ሦስት ነገር ይጠየቅ፦ ኮንደንሰሩ ታጥቧል ወይ፣ አየሩ በስንት ገብቶ በስንት ይወጣል፣ የሚያፈስሰው ቦታስ የት ነው? ለሦስቱም መልስ ያለው ሠራተኛ ጋዝ ቢሞላ ያምርበታል። መልስ ከሌለው፣ የጋዙ ቧምቧ ሳይከፈት መጀመሪያ ብሩሹና የውኃው ጎማ ይምጡ።